ክረምቱ ምን በደለ?

«የክረምቱ ወቅት በመግባቱ ምክንያት የጉድጓድ ቁፋሮ ሥራው ሊጓተት ችሏል።»

በውሃ ፕሮጀክት ላይ የሠራ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር አይስተውም። በመዝጊያ ሪፖርቱ ውስጥ «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» በሚለው ርዕስ ሥር፣ ብዙ ጊዜ በተራ ቁጥር አንድ ላይ ይቀመጣል። እኔም ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውስም። አለቃዬ ፈርሞበታል፣ ለጋሹ ተቀብሎታል፣ ማኅተምም አርፎበታል። ነገሩ የከነከነኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የወረዳ ውሃ ባለሙያ ረቂቁን ሲያገላብጡ ቆይተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ክረምት እኮ በየዓመቱ ነው የሚገባው» ያሉኝ ዕለት ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም። ዝናቡ ዘንቧል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ የቁፋሮ ሪጉም ቆሟል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባልደረባ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? ክረምቱን አያስቀረው! «ሊጓተት ችሏል» የሚለው የቢሮ አማርኛም መጓተቱን እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል እንጂ ማን፣ መቼ፣ ምን ሳያደርግ እንደቀረ አይነግረውም።

አንድ የመዝጊያ ሪፖርት ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንደኛው ገንዘቡን የሰጠው ወይም የሚቆጣጠረው ወገን ነው፤ ምን ቃል ተገባ፣ ምን ተሠራ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ተረከበ የሚለውን ይፈልጋል። ሁለተኛው ያንኑ ሥራ ነገ የሚጀምረው ባልደረባ ነው። የመጀመሪያው አንባቢ ሪፖርቱን የግዱን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ግን የሚያስገድደው ስለሌለ ካልጠቀመው አይከፍተውም። ቢከፍተውም የሚያየው ክረምት እንደገባ ነው።

ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን፣ ለዚህ ለሁለተኛው አንባቢ የምትጠቅም እስክትሆን ድረስ እንከተላት። ለምሳሌነት የማቀርበው ፕሮጀክት በየቦታው ካየኋቸው የተውጣጣ ነው፤ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

ክፍተቱ የተወለደበት ቀን

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ወረዳ 12 ጉድጓዶች ተቆፍረው የእጅ ፓምፕ ሊተከልባቸው ታቅዷል እንበል። ጥልቀታቸው ከ60 ሜትር አይበልጥም። ዕቅዱ ክረምቱን ያውቀዋል፤ ቁፋሮው ታኅሣሥ ላይ ተጀምሮ መጋቢት ላይ እንዲያልቅ ነው የተጻፈው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሪጉ ወረዳው የደረሰው በግንቦት አጋማሽ ነው። አምስት ጉድጓድ እንደቆፈረ ዝናቡ መጣ፣ ሰባቱ ለቀጣዩ ዓመት ጥቅምት አደሩ፣ ለጋሹም ያለ ተጨማሪ በጀት የስድስት ወር ማራዘሚያ ሰጠ። የስድስት ወሩ ደመወዝና የመኪና ኪራይ የወጣው ለሌላ ሥራ ከተያዘ ገንዘብ ነው።

ሪፖርት ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ሕመሙ የተሰማበትን ቦታ ነው። ሕመሙ የተሰማው ሰኔ ላይ ስለሆነ ጥፋተኛው ዝናቡ ይሆናል። መፈለግ ያለበት ግን ክፍተቱ የተወለደበት ቀን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፤ በአንዱ የታቀደው ቀን፣ በሌላው የሆነው ቀን ይጻፋል።

በምሳሌያችን ጨረታው ጥቅምት 5 እንዲወጣ ታቅዶ የወጣው ጥቅምት 20 ነው፤ ልዩነቱ 15 ቀን። ውሉ ኅዳር 25 እንዲፈረም ታቅዶ የተፈረመው መጋቢት 20 ነው፤ ልዩነቱ አራት ወር ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው። ሪጉ ታኅሣሥ 15 እንዲገባ ታቅዶ የገባው ግንቦት 12 ነው፤ ልዩነቱ አምስት ወር ገደማ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ክፍተቱ ከ15 ቀን ወደ አራት ወር የዘለለው በጨረታውና በውሉ መካከል ነው። የመጨረሻው አንድ ወር የዚያው መዘዝ ነው፤ መጋቢት የቁፋሮ ወቅት ስለሆነ አሸናፊው ድርጅት ሪጉን ሌላ ቦታ አሰማርቶት ነበር።

እንግዲህ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ከሰኔ ሳይሆን ከኅዳር ነው። ውሉ ለምን ዘገየ? ጨረታው ስለተደገመ። ለምን ተደገመ? ሁለት ተጫራቾች ብቻ ቀርበው ሁለቱም በቴክኒክ ግምገማ ስለወደቁ። ለምን ወደቁ? የጨረታ ሰነዱ 300 ሜትር የሚቆፍር ሪግ ያለው ድርጅት ስለጠየቀ። የ60 ሜትር ጉድጓድ የ300 ሜትር ሪግ ምን ያደርግለታል? ምንም፤ ሰነዱ ቀደም ሲል በዚያው ቢሮ ከተሠራ የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ነው። ይህን ሳያይ ያሳለፈው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚወጣው። የሚያየው ሰው አልነበረም። የፕሮጀክቱ ውሃ መሐንዲስ የተቀጠረው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ መሐንዲስ የሚያስፈልገው ቁፋሮ ሲጀመር ነው ተብሎ ታቅዶ ስለነበር።

ጥያቄው የት ይቆማል? መልሱ አንድ ሰው ነገ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ከቀጠልን «የበጀት እጥረት»፣ «የአገሪቱ ሁኔታ» እያልን ተመልሰን ማንም የማይነካው ነገር ላይ እንወጣለን። ከዚያ በታች ከቆምን ደግሞ ክረምቱን እንከሳለን።

ግምገማ ከተባለ አፍ ይዘጋል

ይህን ሰንሰለት ከወረቀት ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ሰው መናገር አለበት። በእኛ አገር ቢሮዎች አንድ እንቅፋት አለ። ሠራተኞቹን ሰብስበው «ፕሮጀክቱን እንገምግም» ሲሏቸው የሚታያቸው ግምገማ የሚባለው ነገር ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማን ምን አለ። ስለዚህ ሁሉም በየፊናው ይጠነቀቃል። ከሁለት ሰዓት ስብሰባ በኋላ የሚገኘውም «የቅንጅት ጉድለት ነበር» የሚል፣ ማንንም የማይነካ ቃል ነው።

የሚሻለው ከስብሰባው በፊት ሰዎችን አንድ በአንድ ማነጋገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «ችግሩ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ወቀሳ ይመስላል። «ሥራውን ነገ ከመጀመሪያው ብትጀምሪው ቀድመሽ የምትለውጪው የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ምክር መጠየቅ ነው፤ ሰውም ይናገራል። ስም ዝርዝሩ ከቢሮ ሠራተኛ ይለፍ። ሾፌሩ የትኛው መንገድ በየትኛው ሳምንት እንደሚቆረጥ ከማንም በላይ ያውቃል። የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ፓምፑ ስንት ቀን ቆሞ እንደዋለ ታውቃለች። በጨረታው የወደቁትና ሰነዱን ገዝተው ያልተወዳደሩት ድርጅቶችም ቢደወልላቸው ምክንያቱን በአምስት ደቂቃ ይነግራሉ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የፕሮጀክት ሠራተኛ ውሉ ከፕሮጀክቱ ጋር ስለሚያልቅ፣ ሪፖርቱ በመጨረሻው ወር ይጻፍ ከተባለ የሳይት መሐንዲሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ቀሪዎቹም የሒሳብ መዝጊያና የንብረት ርክክብ ላይ ናቸው። ንግግሩ ሰው ገና ሳይበተን፣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ቢደረግ ነው የሚሻለው።

ከዚያ በኋላ ለሚደረገው የጋራ ስብሰባ የአሜሪካ ጦር በሥልጠና ማዕከሎቹ ያዳበረው ልማድ ይጠቅማል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ወታደሩም መኮንኑም ባንድነት ተቀምጠው አራት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ምን ሊሆን ታቅዶ ነበር? ምን ሆነ? ልዩነቱ ለምን መጣ? በሚቀጥለው ጊዜ ምን እናድርግ? የቅደም ተከተሉ ጥቅም ሁለቱ ቀላል ጥያቄዎች መቅደማቸው ነው። ባለ ሁለት ዓምዱ የቀን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ክርክር አይነሣም፤ ጉልበቱ ሁሉ ለሦስተኛው ይተርፋል። ስብሰባውን የሚመራው ደግሞ ከፕሮጀክቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ሲመራው ሰው የሚናገረው ለሥራ አስኪያጁ ነው።

በዚህ ስብሰባ ጣት ወደ ግዢ ሠራተኛው መዘርጋቱ አይቀርም። ያኔ መጠየቅ ያለበት «ያን ቀን እጁ ላይ ምን ነበረ?» ነው። እጁ ላይ የነበረው አሮጌ ሰነድና «ቶሎ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ ነው። እሱ ቢባረርና ሌላ ቢተካ፣ ተተኪውም ያንኑ ሰነድ ይገለብጣል። በጽሑፉ ውስጥ የሰው ስም አይገባም፤ የሥራ መደቡ ግን ይገባል። «ሰነዱ ሳይታይ ቀርቷል» ማለት ሰውን አይከላከልለትም፣ አንባቢውንም አይረዳውም። «ሰነዱ ሲወጣ ያየው መሐንዲስ አልነበረም» ሲባል ግን ማን መጨመር እንዳለበት ይታያል።

የገንዘብ ጉድለትና ስርቆት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደሉም፤ ቦታቸው ኦዲት ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሰው ዳግመኛ አይናገርም። የተሠራ ስሕተት መጻፍ ለጋሽ ያሸሻል የሚለው ስጋትም አለ። የካናዳው ድንበር የለሽ መሐንዲሶች ድርጅት ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከሸፉ ሥራዎቹን የሚዘረዝር ዓመታዊ ሪፖርት ለሕዝብ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ለጋሽ የሚደነግጠው ዋጋው ያልተሰላና ማስተካከያ ያልተነገረለት ስሕተት ሲያገኝ ነው።

አንድ ትምህርት ስንት ክፍል አለው?

አሁን ሰንሰለቱ ተገኝቷል። ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ አምስት ነገር መያዝ አለበት፤ መቼ፣ ማን፣ ምን ያድርግ፣ ካላደረገ ምን ይሆናል፣ ምክሩስ የት አይሠራም። የእኛው እንዲህ ይነበባል፦

«ጥልቀታቸው ከ60 ሜትር ለማይበልጥ ጉድጓዶች ጨረታ ከመውጣቱ በፊት፣ የተጫራቾች መመዘኛውን አንድ የውሃ መሐንዲስ አንብቦ ይፈርምበት። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ገና ካልተቀጠረ ከሌላ ፕሮጀክት ለሁለት ቀን ይዋሱ። እኛ የ300 ሜትር ሪግ የሚጠይቅ ሰነድ ገልብጠን አወጣን፤ የቀረቡት ሁለቱም ወደቁ፣ ውሉ አራት ወር ገደማ ዘገየ፣ ሰባት ጉድጓድ ለቀጣዩ ዓመት አደረ። ለጥልቅ ጉድጓድ ግን ከባዱ መመዘኛ ተገቢ ነው፤ አይቀነስ።»

ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድሩት። ያኛው አንድ መስመር ነው፣ ይህኛው አምስት። ይሁንና የሚሰለቸው ያኛው ነው፤ አንባቢው ሊጠቀምበት የሚችል ነገር የለውማ።

የመጨረሻዋ ክፍል፣ ምክሩ የት እንደማይሠራ የምትናገረው፣ ብዙ ጊዜ የምትዘለለው ናት። ከዚሁ ፕሮጀክት ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ከ12ቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ፍሎራይዳቸው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ነው፤ ከዚያ የበለጠውን ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ መጠኑ እጅግ ሲበዛም አጥንቱ ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ የታወቀ ችግር ነው። የሪፖርቱ ረቂቅ «በአንዳንድ ጉድጓዶች ላይ የውሃ ጥራት ችግር አጋጥሟል» ይላል። ትምህርቱ ግን ይህ ነው፦ ቦታ ከመመረጡ በፊት በአካባቢው ካሉ ነባር ጉድጓዶች ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ አዲሱ ከተቆፈረም በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ፓምፕ አለመትከል። ወሰኑም አብሮ ይጻፋል፤ ፍሎራይድ በአጭር ርቀት ውስጥ ስለሚለያይ የጎረቤት ጉድጓድ ንጹሕ መሆኑ ፍንጭ እንጂ ዋስትና አይደለም። ይህ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሰው የጎረቤቱን ውጤት አምኖ የራሱን ሳያስመረምር ፓምፑን ይተክላል። ወሰን ያልተሰጠው ምክር እንዲህ አዲስ ስሕተት ይወልዳል።

በሌላ በኩል መውጣት ያለበትን ለመለየት አንድ ፈተና አለ። ዓረፍተ ነገሩን ከሪፖርቱ አውጥተው በትምህርት ቤት ግንባታ ወይም በንብ ማነብ ፕሮጀክት ሪፖርት ውስጥ ያስገቡት። «የባለድርሻ አካላት ቅንጅታዊ አሠራር ሊጠናከር ይገባል» የሚለው እዚያም እዚህም ይስማማል። ስለዚህ ከየትኛውም ፕሮጀክት የተገኘ ትምህርት አይደለም፤ ይሰረዝ። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ አሥራ አራት የነበሩት ትምህርቶች ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ። ጥሩ ነው፤ ሦስቱን ሰው ያስታውሳቸዋል።

ሁለት ገጽ ለባልደረባ

ለጋሹ የሚፈልገው ወፍራም ሪፖርት እንዳለ ይቀጥል፤ ቅርጹ በውል የታሰረ ነው፣ አባሪውም ብዙ ነው። ለባልደረባ የሚሆነው ግን ለብቻው የሚጻፍ ሁለት ገጽ ነው። የላይኛው አንድ አንቀጽ ፕሮጀክቱን ያስተዋውቃል፤ የት፣ መቼ፣ ምን ለመሥራት፣ ምን ተሠራ። ቀጥለው ሦስቱ ትምህርቶች ይመጣሉ። ከዚያ የታቀደውና የሆነው ቀን የተጻፈበት ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻም ስለዚህ ሥራ ጥያቄ ያለው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ። መግቢያ፣ ዳራ፣ ዓላማ፣ ሥነ ዘዴ እያሉ እስከ ገጽ 11 መቆየት የለም።

ርዕሱም «የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ሪፖርት፣ ምዕራፍ ሁለት» ከሆነ ማንም አይፈልገውም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው በገጠመው ጉዳይ ስም ነውና። «የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ጨረታ ከማውጣትዎ በፊት» ቢባል ጥቅምት ላይ ጨረታ የሚያዘጋጀው ሰው ያገኘዋል።

ቢሆንም በደንብ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የዓለም ባንክ በ2014 እ.ኤ.አ. የገዛ ራሱን ሪፖርቶች ንባብ ባጠናበት ጊዜ፣ በድረ ገጹ ከተቀመጡት ውስጥ ሲሶ የሚጠጉት አንድ ጊዜ እንኳ አልወረዱም ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳም ትምህርቶችን የሚያከማችበት ትልቅ ቋት ነበረው፤ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በ2012 እ.ኤ.አ. ሲመረምር ግን የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆቹ እምብዛም እንደማይጠቀሙበት አገኘ። ሁለቱም የገንዘብም የባለሙያም ችግር የለባቸውም። ትምህርትን አንድ ቦታ አስቀምጦ ሰው መጥቶ ይፈልገዋል ብሎ መጠበቅ እዚያም አልሠራም፣ እዚህም አይሠራም።

ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ሥራው መሄድ አለበት። የጨረታው ትምህርት ቦታው የጨረታ ሰነዱ ናሙና ነው፤ «300 ሜትር» የሚለው መስመር ተሰርዞ «ጥልቀቱ ከታቀደው ጉድጓድ ጋር ይመጣጠን» ይባልበታል፣ ከሥሩም የመሐንዲስ ፊርማ ቦታ ይጨመራል። የመሐንዲሱ ቅጥር ትምህርት ቦታው የአዲስ ፕሮጀክት የሰው ኃይል ዕቅድ ነው። የፍሎራይዱ ደግሞ የፓምፕ ተከላ መፍቀጃ ቅጹ ላይ «የላቦራቶሪ ውጤት ተያይዟል?» የምትል አንዲት ሳጥን ትሆናለች። የሁለት ገጹ ጽሑፍ የመጨረሻ መስመርም ይህንኑ ይመዝግብ፦ የትኛው ቅጽ ተቀየረ፣ ማን ቀየረው፣ በምን ቀን። ይህ መስመር ባዶ ከሆነ ሪፖርቱ ተጻፈ እንጂ ፕሮጀክቱ ገና አልተዘጋም።

በምሳሌያችን በቀጣዩ ዓመት ሌላ ወረዳ ላይ ሌላ ሠራተኛ ጨረታ ያዘጋጃል። የቀድሞውን ሪፖርት አላነበበችም፤ ስለመኖሩም አልሰማች ይሆናል። የጨረታ ናሙናውን ከፍታ ስትሞላ የመሐንዲስ ፊርማ ቦታ ታገኛለች፣ ፊርማው ከሌለ ሰነዱ እንደማይወጣ ታያለች፣ መሐንዲስም ፍለጋ ስልክ ታነሣለች። ያ ዓመትም እንደ ሌላው ዓመት ነው፤ ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። ሪጉ ግን ሚያዝያ ላይ ጨርሶ ወጥቷል።